ትእዛዝንና ክፍያን በጎግል ሺትስ ፎርሙላ መከታተል፦ ከቤት ምግብ ለሚሸጡ

ከቤታቸው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወጥ ወይም ባልትና አዘጋጅተው የሚሸጡ ሰዎች ትእዛዝ የሚደርሳቸው በስልክም፣ በቴሌግራምም፣ በአካልም ነው። ገንዘቡም እንዲሁ በየመንገዱ ይመጣል። አንዷ በቴሌብር ቀብድ ትልካለች፣ ሌላው ሙሉውን በባንክ ያስገባል፣ ሦስተኛው ዕቃውን ላደረሰለት ልጅ በእጁ ይሰጣል። ደብተሩ ላይ "ከፍላለች" ተብሎ ሲጻፍ ስንት፣ መቼና በምን እንደከፈለች አይታወቅም። ያንኑ ቃል ኮምፒውተር ላይ በእጅ ብንጽፈውም ለውጥ የለውም፤ ደብተሩ ቦታ ቀየረ እንጂ ሥራው ያው ነው።

እዚህ የማሳያችሁ አሠራር በአንድ ሕግ ላይ የቆመ ነው። የክፍያውን ሁኔታ ማንም በእጁ አይጽፍም። እኛ የምናስገባው ምን እንደታዘዘና ምን ያህል ገንዘብ እንደገባ ብቻ ነው። "ቀሪ አለ" ወይም "ተጠናቋል" የሚለውን ፎርሙላው ከእነዚህ ሁለቱ አውጥቶ ይነግረናል። ይህን ሕግ እስከጠበቃችሁ ድረስ ሰነዱ ያምናችኋል፣ እናንተም ታምኑታላችሁ።

የምጠቀመው ጎግል ሺትስን ነው። ነፃ ነው፣ ስልክ ላይም ይሠራል፣ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሊጽፍበት ይችላል። ፎርሙላዎቹን መጀመሪያ ስታስገቡ ግን ኮምፒውተር ላይ ብትሆኑ ይሻላል፤ ከጎረቤት ተውሳችሁም ቢሆን። ከዚያ በኋላ የየዕለቱን ትእዛዝ በስልክ መመዝገብ አያስቸግርም።

ሦስቱ ገጾች

አንድ ፋይል ከፍታችሁ ከታች በኩል ሦስት ገጽ ፍጠሩ። ስማቸውን `ትእዛዝ`፣ `ዝርዝር` እና `ክፍያ` በሏቸው። "ትእዛዝ"ን አንዳንዱ በ"ዕ" ይጽፈዋል። በየትኛውም ብትጽፉት ችግር የለም፤ ነገር ግን የገጹ ስምና ፎርሙላው ውስጥ ያለው ስም በፊደል አንድ መሆን አለባቸው። ለእኛ "እ" እና "ዕ" አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

ለምን ሦስት ገጽ አስፈለገ? አንድ ደንበኛ በአንድ ትእዛዝ ዶሮ ወጥም፣ ዳቦም፣ እንጀራም ሊፈልግ ይችላል። ያንኑ ትእዛዝ ደግሞ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ሊከፍል ይችላል። ሁሉንም በአንድ ረድፍ ላይ ለማጨቅ ከሞከራችሁ "ቀብድ 1"፣ "ቀብድ 2"፣ "ዕቃ 3" እያላችሁ ዓምድ ስትጨምሩ ትከርማላችሁ። ስለዚህ `ትእዛዝ` ላይ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ረድፍ፣ `ዝርዝር` ላይ ለእያንዳንዱ ዓይነት ዕቃ አንድ ረድፍ፣ `ክፍያ` ላይ ለእያንዳንዱ የገባ ገንዘብ አንድ ረድፍ ይኖራል። ሦስቱን የሚያያይዛቸው የትእዛዙ ቁጥር ነው።

ቁጥሩን ከ1001 ጀምሩ። 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ ብትጀምሩ ከብዛት ጋር ይምታታባችኋል፤ 001 ብትሉ ደግሞ ሺቱ ከፊት ያሉትን ዜሮዎች ያጠፋቸዋል።

የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የሚጻፉት ርዕሶች እነዚህ ናቸው፦

```
ትእዛዝ:  A ቁጥር | B የታዘዘበት ቀን | C ደንበኛ | D ስልክ | E የሚደርስበት ቀን
        F ጠቅላላ | G የተከፈለ | H ቀሪ | I ሁኔታ | J ደርሷል
ዝርዝር:  A ቁጥር | B ዕቃ | C ብዛት | D ነጠላ ዋጋ | E ድምር
ክፍያ:   A ቀን | B ቁጥር | C መጠን | D መንገድ | E የግብይት ቁጥር | F ማረጋገጫ
```

ምንም ነገር ከመጻፋችሁ በፊት `ትእዛዝ` ላይ D ዓምድን፣ `ክፍያ` ላይ ደግሞ E ዓምድን መርጣችሁ `Format > Number > Plain text` አድርጓቸው። ካላደረጋችሁ በ09 የሚጀምር ስልክ ዜሮውን ያጣል፤ ረጅም የግብይት ቁጥርም የመጨረሻ አኃዞቹ ሊለወጡ ይችላሉ። `ትእዛዝ` ላይ ከJ2 እስከ J500 ያለውን ደግሞ በ`Insert > Checkbox` የምልክት ሳጥን አድርጉት።

ቀኑን በየትኛው አቆጣጠር?

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሺቱ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 2018ን `2018-08-03` ብላችሁ ብትጽፉ ዝም ብሎ ይቀበላችኋል፤ እሱ የተረዳው ግን የዛሬ ስንት ዓመት ያለፈውን የፈረንጆች ኦገስት 3 ነው። ጥቅምት 30ን `2018-02-30` ብትሉት ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ጳጉሜን ጭራሽ አያውቃትም። የከፋው የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ስህተት መሆኑን የሚጠቁም ምንም ነገር ስለማታዩ።

ስለዚህ ፎርሙላ የሚያነባቸውን ቀኖች በፈረንጆቹ ጻፉ፤ አጻጻፉም ዓመት-ወር-ቀን ይሁን፣ `2026-04-11` እንደሚለው። ወርና ቀን የሚምታታው `4/11/2026` ዓይነት አጻጻፍ ስትጠቀሙ ነው። የሐበሻውን ቀን ማየት ከፈለጋችሁ ከጎን አንድ ዓምድ ጨምራችሁ "ሚያዝያ 3" ብላችሁ በጽሑፍ አስቀምጡት። የማድረሻ ሰዓቱንም "ጠዋት 3 ሰዓት" ብሎ በቃል መጻፍ ይሻላል፤ `3:00` ካላችሁ ለሺቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው።

ፎርሙላዎቹ

`ዝርዝር` ላይ E2 ውስጥ ይህን አስገቡ፦

```
=IF(A2="","",C2*D2)
```

የመጀመሪያው ክፍል "ቁጥር ካልተጻፈ ባዶ ሁን" ማለት ነው። ይህ ከሌለ ባዶ ረድፎቹ ሁሉ ዜሮ ይሞላባቸዋል።

ነጠላ ዋጋውን በእጅ እንድትጽፉ እመክራለሁ። ከዋጋ ዝርዝር ላይ በፎርሙላ ማምጣት የሚያምር ይመስላል፤ ነገር ግን ቅቤ ተወዶ የዶሮ ወጡን ዋጋ ያሻሻላችሁ ዕለት ባለፈው ወር በድሮው ዋጋ ሸጣችሁ የዘጋችኋቸው ትእዛዞች ሁሉ በአዲሱ ዋጋ ይሰላሉ። ተጠናቀው የነበሩት ደንበኞች በአንድ ጊዜ ባለዕዳ ሆነው ይመጣሉ። ዋጋው በተስማማችሁበት ዕለት የነበረው ሆኖ መቅረት አለበት።

አሁን ወደ `ትእዛዝ` ገጽ እንሂድ። F2፣ G2 እና H2 ውስጥ በቅደም ተከተል፦

```
=IF(A2="","",SUMIFS('ዝርዝር'!E:E,'ዝርዝር'!A:A,A2))
=IF(A2="","",SUMIFS('ክፍያ'!C:C,'ክፍያ'!B:B,A2))
=IF(A2="","",ROUND(F2-G2,2))
```

የመጀመሪያው ወደ `ዝርዝር` ሄዶ የዚህን ትእዛዝ ቁጥር የያዙትን ረድፎች ብቻ ይመርጥና ዋጋቸውን ይደምራል። ሁለተኛው ያንኑ ሥራ `ክፍያ` ላይ ይሠራል። አንዱ ደንበኛው የሚፈለግበትን፣ ሌላው የሰጠውን ይነግረናል ማለት ነው። ሦስተኛው ልዩነታቸው ነው። `ROUND` የገባው በርበሬና ሽሮ በኪሎ ክፍልፋይ ሲሸጥ ከነጥብ በኋላ የሚቀሩ ጥቃቅን አኃዞች የተዘጋውን ሒሳብ ያልተዘጋ እንዳያስመስሉት ነው።

የምንፈልገው ዋናው ፎርሙላ I2 ውስጥ ይገባል፦

```
=IF(A2="","",IF(H2<0,"ተመላሽ አለ",IF(F2=0,"ዋጋ የለውም",
IF(G2=0,"አልተከፈለም",IF(H2>0,"ቀሪ አለ","ተጠናቋል")))))
```

ጥያቄዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ ይጠይቃል፤ መጀመሪያ "አዎ" ያለው ላይ ይቆማል። ስለዚህ ቅደም ተከተላቸው ለውጥ ያመጣል። "ተመላሽ አለ" ፊት የቀደመው ትእዛዙ ተሰርዞ ጠቅላላው ዜሮ ቢሆንም እኛ ጋር ያለው ቀብድ እንዳይረሳ ነው። ገንዘቡን መዝግባችሁ ዝርዝሩን ገና ካላስገባችሁም ይኸው ቃል ይመጣል፤ ያኔ ዝርዝሩን ሙሉት።

አራቱንም ሴሎች መርጣችሁ በቀኝ ጥግ ያለችውን ነጥብ ይዛችሁ ወደ ታች እስከ 500ኛው ረድፍ ጎትቷቸው። `ዝርዝር` ላይም E2ን እንዲሁ። በጀርመን፣ በጣሊያን ወይም በስዊድን ሆናችሁ የምትሠሩ ሰዎች ፎርሙላው ስህተት ነው ከተባላችሁ በየመካከሉ ያለውን ኮማ በ`;` ተኩት፤ የሺቱ የአገር ምርጫ እነዚያ አገሮች ከሆነ የሚፈልገው ይህንን ነው።

ገንዘብ የሚመዘገበው መቼ ነው

`ክፍያ` ላይ የሚጻፈው የራሳችሁ ሒሳብ ውስጥ የገባ ገንዘብ ብቻ ነው። ደንበኛ የላከው ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። ስክሪንሾት ሊስተካከል ይችላል፣ የባለፈው ሳምንቱም ተመልሶ ሊላክ ይችላል፤ ሰውየው ሳያስበው ያደረገው ሊሆንም ይችላል። በስልካችሁ የመጣውን አጭር መልእክት ወይም የሒሳቡን መግለጫ አይታችሁ፣ መጠኑንና የግብይት ቁጥሩን ከዚያ ገልብጣችሁ ጻፉ።

መጠኑ ላይ አኃዝ ብቻ ይግባ። "2500 ብር" ብላችሁ ከጻፋችሁ ለሺቱ ቃል እንጂ ቁጥር አይደለም፤ ሲደምር ያልፈዋል፣ ደንበኛዋም ያልከፈለች ሆና ትታያለች። በዓይን ለመለየት ቀላል ነው፤ ቁጥር ወደ ሴሉ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ። ከዓምዱ መካከል አንዱ ብቻውን ወደ ግራ ከተጠጋ እሱን መርምሩ።

"መንገድ" የሚለው ዓምድ ላይ `Insert > Dropdown` ተጠቅማችሁ ቴሌብር፣ ባንክ፣ ጥሬ ገንዘብ የሚሉ ምርጫዎችን ብቻ አስገቡ። በእጅ ከተጻፈ አንዱ "ቴሌብር"፣ ሌላው "ቴሌ ብር" ይላል፣ ድምሩም ይከፋፈላል። ለዕቃ ስሞችም ይህንኑ አድርጉ።

`ክፍያ` ላይ F2 ውስጥ ደግሞ ጠባቂውን ፎርሙላ አስገብታችሁ ወደ ታች ጎትቱት፦

```
=IF(C2="","",IF(B2="","ቁጥር የለውም",
IF(COUNTIF('ትእዛዝ'!A:A,B2)=0,"ትእዛዙ የለም",
IF(AND(E2<>"",COUNTIF(E:E,E2)>1),"ተደግሟል","ልክ ነው"))))
```

"ቁጥር የለውም" የሚለው የላኪው ማንነት ላልታወቀ ገንዘብ ነው። በበዓል ሰሞን ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለእናቱ ይልካል፤ ስሙ ከትእዛዙ ስም ጋር አይገጥምም። ገንዘቡን መዝግባችሁ ባለቤቱ እስኪታወቅ ቁጥሩን ባዶ ተዉት፤ ማስታወሻው ዓይናችሁ ላይ ይቆማል። "ተደግሟል" ያለው ደግሞ ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። አንድ ሰው በአንድ መላኪያ የሁለት ትእዛዝ ሒሳብ ከከፈለ ገንዘቡን ለሁለት ረድፍ ከፍላችሁ በአንድ የግብይት ቁጥር ትጽፉታላችሁ፤ ያኔ ሁለቱ ረድፎች ተደምረው ከገባው ገንዘብ ጋር እኩል መሆናቸውን አረጋግጡ።

የፋሲካ ትእዛዝ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

አንድ ትእዛዝ ይዘን እንከተለው። ዋጋዎቹን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኳቸው። ለ2018 ፋሲካ ዋዜማ፣ ማለትም ለቅዳሜ ሚያዝያ 3፣ የሚደርስ ትእዛዝ መጣ፤ ቁጥሩ 1007 ነው። `ትእዛዝ` ላይ ቁጥሩን፣ የታዘዘበትን ቀን፣ ስሟን፣ ስልኳንና `2026-04-11`ን ጻፍን። `ዝርዝር` ላይ ደግሞ፦

```
1007 | ዶሮ ወጥ | 1  | 3500 | 3500
1007 | ድፎ ዳቦ | 1  | 900  | 900
1007 | እንጀራ  | 20 | 25   | 500
1007 | ማድረሻ  | 1  | 250  | 250
```

ማድረሻውን እንደ አንድ ዕቃ ማስገባቱ ከደንበኛው የምንጠይቀውን ሙሉ ገንዘብ አንድ ላይ ያሳየናል። ደንበኛዋ ለአድራሹ በቀጥታ የምትከፍል ከሆነ ግን አታስገቡት፤ የእናንተ ገንዘብ አይደለም።

ጠቅላላው 5150 ሆነ፣ ሁኔታው "አልተከፈለም" ይላል። በማግስቱ 2500 ቀብድ በቴሌብር ገባ፤ `ክፍያ` ላይ አንድ ረድፍ ጻፍን። ቀሪው 2650፣ ሁኔታው "ቀሪ አለ" ሆነ። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ደወለችና "እንጀራ አሥር ጨምሩልኝ፣ እንግዳ ይመጣል" አለች። 20ውን ወደ 30 አልቀየርንም። ከታች `1007 | እንጀራ | 10 | 25` ብለን አዲስ ረድፍ ጨመርን። ኋላ ክርክር ቢነሳ መጀመሪያ የታዘዘውና የተጨመረው ተለይቶ ይታያል። ጠቅላላው 5400፣ ቀሪው 2900 ደረሰ።

ቅዳሜ አድራሹ 2650 ብር ይዞ ተመለሰ። ደንበኛዋ ቀድሞ የተነገራትን ቀሪ ነው የሰጠችው፣ የአሥሩን እንጀራ ማንም አላስታወሳትም። ገንዘቡን "ጥሬ ገንዘብ" ብለን መዘገብንና "ደርሷል" የሚለውን ሳጥን ምልክት አደረግን። ፎርሙላው ግን "ተጠናቋል" አላለም። ቀሪ 250፣ "ቀሪ አለ"። በእጅ ቢሆን ኖሮ በዚያ ግርግር "ከፍላለች" ተብሎ ይታለፍ ነበር። ከዚህ የምንይዘው አሠራር አለ፤ አድራሹ ከቤት ከመውጣቱ በፊት የሚቀበለውን ገንዘብ በዚያው ደቂቃ ከH ዓምድ አንብቡለት።

ያልከፈለን ማን ነው?

ደርሶ ያልተከፈለው ረድፍ እንዲቀላ ከፈለጋችሁ `ትእዛዝ` ላይ ከA2 እስከ J500 ምረጡና `Format > Conditional formatting` ግቡ፤ `Custom formula is` የሚለውን መርጣችሁ ይህን አስገቡ፦

```
=AND($J2=TRUE,$H2>0)
```

የባለዕዳዎቹን ስም ብቻ ለይቶ ማየት ደግሞ በአራተኛ ገጽ ይሆናል። ስሙን `ዛሬ` በሉትና A5 ውስጥ፦

```
=IFNA(FILTER('ትእዛዝ'!A2:I500,'ትእዛዝ'!J2:J500=TRUE,
'ትእዛዝ'!H2:H500>0),"የሚፈለግ የለም")
```

ይህ ፎርሙላ የሚያወጣው ዝርዝር ወደ ታችና ወደ ቀኝ ስለሚዘረጋ ከሥሩ ምንም አትጻፉ። መንገዱ ላይ አንድ ቃል ካገኘ `#REF!` ብሎ ይቆማል፤ ያንን ቃል ስታጠፉለት ይመለሳል። የሚደርስበት ቀን ዓምዱ እንደ 46123 ባለ ቁጥር ከታየባችሁ ተበላሽቶ አይደለም፤ ዓምዱን መርጣችሁ `Format > Number > Date` አድርጉት።

በዚሁ ገጽ B1 ላይ ሁለት ድምሮችን የሚያመሳክር ፎርሙላ አድርጉ፦

```
=SUM('ክፍያ'!C:C)-SUM('ትእዛዝ'!G:G)
```

መልሱ ዜሮ መሆን አለበት። ከዜሮ በላይ ከሆነ ገብቶ ከየትኛውም ትእዛዝ ጋር ያልተያያዘ ገንዘብ አለ፤ `ክፍያ` ላይ F ዓምድን ተመልከቱ። ከዜሮ በታች ከሆነ አንድ የትእዛዝ ቁጥር ለሁለት ሰው ተሰጥቷል፤ የአንዱ ክፍያ ለሁለቱም ተቆጥሯል ማለት ነው። ሁለት ሰው በየስልኩ ትእዛዝ ሲቀበል ይህ በጣም የተለመደ ነው። መፍትሔው አንዳችሁ ከ1001፣ ሌላችሁ ከ5001 መጀመር ነው።

ሲሰረዝ

የተሰረዘን ትእዛዝ ረድፍ አታጥፉ። ካጠፋችሁት ክፍያው ባለቤት አልባ ይሆናል። `ዝርዝር` ላይ ብዛቶቹን ዜሮ አድርጓቸው። ቀብዱን ከመለሳችሁ `ክፍያ` ላይ `-2500` ብላችሁ በአዲስ ረድፍ ጻፉ፤ ሁኔታው "ዋጋ የለውም" ሆኖ ይዘጋል። ዶሮው ታርዶ ቅመሙ ገብቶ በመጨረሻ ሰዓት የተሰረዘና በስምምነታችሁ መሠረት ቀብዱ የማይመለስ ከሆነ ደግሞ `1007 | ስረዛ | 1 | 2500` የሚል ረድፍ ጨምሩ። ሒሳቡ "ተጠናቋል" ይላል፣ ገንዘቡም በገቢነት ይቆያል።

በመጨረሻ ፎርሙላ ያለባቸውን ዓምዶች ቆልፏቸው። `Data > Protect sheets and ranges` ገብታችሁ `ትእዛዝ` ላይ ከF እስከ I፣ `ዝርዝር` ላይ E፣ `ክፍያ` ላይ F ምረጡና ከእናንተ በቀር ማንም እንዳይለውጣቸው አድርጉ። ሊጥ በነካ እጅ ስልክ ሲነካ ፎርሙላ ላይ ቁጥር መጻፍ ቀላል ነው፤ ከተጻፈበት በኋላ ያ ሴል ዳግመኛ አያሰላም፣ ስህተትም አያሳይም። እናንተ ራሳችሁ ደግሞ የምትመዘግቡበት ስልክ ላይ ባለቤት ሆናችሁ ስለምትገቡ ቁልፉ አያግዳችሁም፤ ብቻችሁን የምትመዘግቡ ከሆነ በእገዳው ምትክ `Show a warning when editing this range` የሚለውን መርጣችሁ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣችሁ ማድረግ ይቻላል።